ጉዳዩ፦ የተቋረጠውን የሕይወት መድን ውልዎን ስለማደስ

ጎንደር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጥሩወርቅ
ቅዳሜ ገበያ፣ ጎንደር

የተከበሩ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ባለፈው ሳምንት ሱቅዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ በርበሬ ለማስጫን ወጥተዋል ብለውኝ ተመለስኩ። ጉዳዩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ መጻፉን መረጥኩ።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. የገቡት የ15 ዓመት የ400,000 ብር የሕይወት መድን ውል ተቋርጧል። ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. መከፈል የነበረበት የስድስት ወር አረቦን 14,200 ብር አልገባም፤ የ30 ቀኑ የእፎይታ ጊዜም አልፏል። ማስታወሻው የተላከው በድሮው ስልክ ቁጥርዎ ነው። አዲሱ ቁጥር እኔ ዘንድ እያለ ለቢሮው አለማስተላለፌ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከሐምሌ 1 ጀምሮ፣ ይህን ደብዳቤ እያነበቡ ባለበት ሰዓትም ጭምር፣ ሽፋን የለዎትም። ክፉ ነገር ቢደርስ ሁለቱ ልጆችዎ 400,000 ብሩን መጠየቅ አይችሉም። ስድስት ዓመት፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ሳያጓድሉ ለከፈሉ ሰው ይህን መጻፍ ይከብዳል።

ውሉን ግን መመለስ ይቻላል። እስከ ኅዳር 30 ድረስ ውዝፉን 14,200 ብርና የዘገየበትን ወለድ 426 ብር፣ በድምሩ 14,626 ብር ከፍለው፣ አብሮ የተላከውን የጤና መግለጫ ቅጽ ሞልተው ይፈርሙ። አዲስ ውል ልግባ ቢሉ አረቦኑ የሚሰላው በዛሬው ዕድሜዎ ነው፤ በነባሩ ውል ግን በ41 ዓመትዎ የተሰላው እንዳለ ይቀጥላል። እኔም ከክፍያው ኮሚሽን እንደማገኝ አልደብቅዎትም፤ ስሌቱን ራስዎ ይዩት።

ቅጹ ላይ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ውሉን ሲገቡ ያልነበረብዎ የደም ግፊት ባለፈው ዓመት እንደጀመረዎት አጫውተውኛል። ይጻፉት፤ የሚወስዱትን መድኃኒትና የሚታከሙበትን ቦታም ጭምር። «ትንሽ ነገር ናት» ብለው ቢተዉት ዛሬ ማንም አይጠይቅዎትም፤ የሚጠየቁት ልጆችዎ ናቸው፣ ያውም በሐዘናቸው ቀን። የተደበቀ ሕመም ካሣ ለመከልከል በቂ ምክንያት ይሆናል። የተገለጸ ግፊት ቢበዛ ምርመራ ያስጠይቃል፤ ምናልባትም አረቦኑን ከፍ ያደርገዋል። ኩባንያው ላይቀበልም ይችላል፤ ያን ጊዜ የከፈሉት 14,626 ብር ይመለስልዎታል፣ እስካሁን ከተጠራቀመው ውስጥ የሚገባዎትንም አስልተን እናሳውቅዎታለን።

ገንዘቡን መክፈል ብቻውን ውሉን አያድስም። ሽፋኑ የሚጀምረው የኩባንያው የመቀበያ ደብዳቤ ሲደርስዎ ነው፤ እስከዚያ ደረሰኙን ይያዙት እንጂ አይመኩበት።

ቅዳሜ ገበያው እንደማያስወጣዎት አውቃለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ባለው ቢሮ እገኛለሁ፤ ካልተመቸዎት ቅጹን ይዤ ሱቅዎ ድረስ እመጣለሁ። የመድኃኒቱን ካርቶን ብቻ ያዘጋጁልኝ፣ ስሙን በትክክል እንድንገለብጥ።

ከአክብሮት ጋር፣

አዲሱ
የሕይወት መድን ወኪል