ሲስተር፣ የናሆም ሽፍታ እየተስፋፋ ነው

ሰላም ሲስተር እንዴት አመሹ፣ የ2ኛ ቢው የናሆም እናት ነኝ፣ በማታ ስላስቸገርኩ ይቅርታ። ቅዳሜ ሆዱ ላይ ሁለት ሶስት ቀይ ነገር አይቼ ቁንጫ ነው ብዬ ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ትላንት ጀርባው ላይ ወጣ፣ ዛሬ ደሞ ፊቱ ላይና ፀጉሩ ውስጥ ሳይቀር፣ አንዳንዱ ውሃ ቋጥሯል ሌላው ገና ቀይ ነው። ትኩሳቱ 38.2 ነበር ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጥቼው ወረደለት። ማከኩ ነው ያስቸገረኝ፣ ጥፍሩን ቆርጬ እጁ ላይ ካልሲ አጥልቄለት ነው የተኛው። አያቱ ጉድፍ ነው ውሃ እንዳይነካው ትላለች፣ እኔ ግን ተደብቄ ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት 😅

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። ጉድፍ ከሆነ ሁሉም ደርቆ ቅርፊት እስኪሰራ ቤት ይቆይ አይደል? ሐሙስ የሒሳብ ፈተና አለው፣ የሐኪም ወረቀት ካመጣሁ በኋላ ይፈተን እንደሆነ ለቲቸሯ ቢጠይቁልኝ። ከክፍሉ ሌላ የታመመ ልጅ አለ እንዴ? እህቱ ኬጂ 1 ናት እስካሁን ምንም የላትም፣ እሷንስ ልላካት? እኔም የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ይውጣብኝ አይውጣብኝ እናቴም አታስታውስም፣ እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ሲመችዎ ይደውሉልኝ፣ አልተኛሁም።