የካሳ መጠባበቂያ ሲያዝና ሲከለስ ምክንያቱን ስለ መመዝገብ

ለ፦ የካሳ ባለሙያዎች በሙሉ
ከ፦ የካሳ ክፍል ኃላፊ

ባለፈው የፋይል ፍተሻ ደጋግመን ያየነው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «መጠባበቂያው በአዲስ መረጃ መሠረት ተስተካክሏል።» መረጃው ምንድን ነው? ከማን መጣ? ቁጥሩን በስንት ለወጠው? ፋይሉ ዝም ይላል። እኔም በሥራ መጀመሪያዬ እንዲህ ያለ ፋይል ተረክቤ ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ ስደውል ውያለሁ። ቁጥሩን ያስቀመጠው ባልደረባ ሥራ ለቆ ነበር፤ ምክንያቱም አብሮት ሄደ።

ስለዚህ ከእናንተ የምንጠብቀው ይህ ነው፦ ፋይሉን ነገ የሚረከብ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ፣ ማስታወሻችሁን ብቻ አንብቦ፣ እናንተ የደረሳችሁበት ቁጥር ላይ መድረስ አለበት።

መጠባበቂያ ማለት ጉዳዩ ተዘግቶ ሲያልቅ ያስወጣናል ብላችሁ የምታምኑት ገንዘብ ነው። ለድርድር የምታቀርቡት የመጀመሪያ ዋጋ አይደለም። የፖሊሲው ጣሪያም አይደለም። «ለማንኛውም» ተብሎ ከፍ የተደረገ ቁጥር ካለ ምክንያቱ ሲጻፍ ባዶነቱ ወዲያው ይታያል። ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገውም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ማስታወሻ ስሌቱን ያሳይ። የንብረት ጉዳት፣ የአካል ጉዳትና የሰርቬየር ወይም የጠበቃ ወጪ ለየብቻ ይቀመጡ፤ አንድ ላይ ከተጨፈለቁ በኋላ የትኛው እንደጨመረ ማንም አያውቅም። ከሌላ ወገን እናስመልሳለን ብላችሁ የምትጠብቁትን ገንዘብ ከመጠባበቂያው አትቀንሱ፤ ለብቻው መዝግቡት። ያልታወቀውን ነገርም ጻፉ። ለምሳሌ፦

«የተሽከርካሪ ጉዳት 165,000። የጋራዥ ግምት፦ ዕቃ 140,000፣ የእጅ ዋጋ 35,000፤ የመድን ገቢው ድርሻ 10,000 ተቀንሷል። የሰርቬየር ክፍያ 4,000 በወጪ ሥር ተይዟል። ሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ ገና አልተፈቱም። ከውጭ ሲታይ የዘይት መፍሰስም ሆነ ስንጥቅ ስለሌለ ለውስጥ ጉዳት አልተያዘም። ሲፈቱ ሰርቬየሩ ይገኛል፤ በዚያው ቀን ይከለሳል።»

ክለሳው ደግሞ እንዲህ ይጻፋል፦

«የተሽከርካሪ ጉዳት ከ165,000 ወደ 238,000 ከፍ ብሏል። ሲፈታ የማርሽ ሳጥኑ ከውስጥ መሰንጠቁን ሰርቬየሩ አረጋግጧል። ዕቃ 61,000፣ የእጅ ዋጋ 12,000 ተጨምሯል። የመድን ገቢው ድርሻና የሰርቬየር ክፍያው አልተለወጡም። ሪፖርቱ ፋይሉ ውስጥ ነው።»

የድሮው ቁጥር፣ አዲሱ ቁጥር፣ ልዩነቱን ያመጣው ነገር፣ ማስረጃው። ለዚህ ረጅም ድርሰት አያስፈልግም።

ሁለት የለውጥ ዓይነቶችን ግን አታደባልቁ። አንዱ ትናንት ያልነበረ መረጃ ዛሬ ሲመጣ ነው፦ አዲስ የሕክምና ማስረጃ፣ የክስ መጥሪያ፣ የጥፋት ድርሻን የሚቀይር ሪፖርት። ሌላው መረጃው ቀድሞም ፋይሉ ውስጥ እያለ እኛ ስናልፈው ወይም ስንሳሳት ነው። ሁለተኛው ከሆነ «የስሌት ስህተት ታርሟል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ማንም አይቆጣችሁም። ስህተትን በ«አዲስ መረጃ» ስም መሸፈን ግን አክችዋሪዎቹ የካሳ ዋጋ ራሱ እየናረ ነው ብለው እንዲደመድሙ ያደርጋል፤ ጦሱ ለሁላችንም ይተርፋል።

የአካል ጉዳት ፋይሎች ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ቁጥሩን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ ከጻፈ የሆስፒታሉን ደረሰኝ አትጠብቁ። የቀዶ ሕክምናውን፣ የማገገሚያውንና ተጎጂው ከሥራ የሚቀርበትን ጊዜ ግምት ዛሬውኑ ያዙ። አንድ ፋይል ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ከክለሳው በፊት ከቡድን መሪያችሁ ጋር ከሥር ጀምራችሁ አስሉት፤ መሪውም የተስማማበትን ምክንያት በራሱ ስም ይጻፍ።

ክፍያ መፈጸም ክለሳ አይደለም። ከ238,000 ውስጥ 100,000 ከተከፈለ ቀሪው 138,000 ነው፤ ጠቅላላ ግምቱ አልተነቃነቀም። በተቃራኒው፣ ፋይሉን አይታችሁ ቁጥሩን እንዳለ ከተዋችሁት እሱም ምክንያት ይፈልጋል። «ታይቷል፣ ለውጥ የለም» አይበቃም። «የሕክምና ቦርዱ ውሳኔ ገና አልደረሰም፤ ያለው ማስረጃ የመጀመሪያውን ግምት ይደግፋል» በቂ ነው።

ስለ አጻጻፉም ልብ በሉ። ፋይሉን ኦዲተር፣ የጠለፋ ዋስትና ሰጪ፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት ሊያነበው ይችላል። መጠባበቂያ መያዝ ጥፋተኝነትን ማመን አይደለም፤ ስለዚህ «ጥፋቱ የደንበኛችን ነው» ሳይሆን «ባለው ሪፖርት መሠረት 70 በመቶ ኃላፊነት ታሳቢ ተደርጓል» በሉ። ስለ ተጎጂው ጠባይ ወይም ስለ ጠበቃው ዝና ግምታችሁን አትጻፉ። የጠበቃችን ምክር በተለየው የሕግ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ማስታወሻው ላይ ቀኑን ብቻ ጥቀሱ።

ማስታወሻው ቁጥሩ በተለወጠበት ቀን ይጻፍ። የቆየ ማስታወሻ አይሰረዝም፣ አይታረምም፤ ስህተት ካለው ከሥሩ አዲስ ይጻፋል።

ይህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በሚከፈቱ ፋይሎች ላይ ይሠራል። ለቆዩት ደግሞ በሚቀጥለው ክለሳቸው ምክንያቱን አሟሉ። የድሮውን ቁጥር አመጣጥ ካላገኛችሁት «የቀድሞው ስሌት ፋይሉ ውስጥ የለም» ብላችሁ ጽፋችሁ ከዛሬው ማስረጃ እንደ አዲስ አስሉ። የሚከብዳችሁ ፋይል ካለ ይዛችሁት ወደ እኔ ኑ፤ አብረን እንጽፈዋለን።