ጮራ የተባለው ገመድ አልባ የንባብ መብራት ገበያ የሚወጣበት ሳምንት፦ የፖስት ጽሑፎችና ማሳሰቢያዎች

በጥቅስ ውስጥ ያለው እንዳለ ይለጠፋል፤ የቀረው ለእኛ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሁልጊዜ ምሽት 1፡00፣ ሐሙስ ግን ጠዋት 3፡00። ማስያዣው ላይ 19፡00 እና 09፡00 ብላችሁ ሙሉ፤ 3፡00 ብሎ የሞላ ሰው ፖስቱ ሌሊት ይወጣበታል።

ሰኞ፦ ብርሃን ያረፈበት መጽሐፍና እጅ ብቻ ይታይ፣ መብራቱ ከፎቶው ውጭ ይሁን።
«ገመዱ የት ሄደ? ሐሙስ ጠዋት 3፡00 እናሳያችኋለን።»
«ትልቅ ነገር እየመጣ ነው» የሚል አንጨምርም፤ ቀን የሌለው ጉጉት በማግስቱ ይረሳል። ኮሜንት ላይ «መብራት ነው» ብሎ የገመተ ካለ አትካዱ፣ «ተጠግተዋል» ይበቃል።

ማክሰኞ ስቶሪ ብቻ፦ «ማታ የምታነቡት የት ነው? አልጋ ላይ ወይስ ጠረጴዛ?» መልሱን ያዙት፣ ለዓርብ ቪዲዮ ቦታ የምንመርጠው በእሱ ነው።

ረቡዕ፦
«አንዱ ማንበብ ይፈልጋል፣ አጠገቡ ያለው መተኛት። ሁለቱን የሚያስታርቀው ነገ ጠዋት 3፡00 ይወጣል።»

ሐሙስ፦ ሙሉ ፎቶ፣ ነጩና ጥቁሩ ጎን ለጎን።
«ጮራ፦ ያለ ገመድ የሚሠራ የንባብ መብራት። አንዴ ከተሞላ በዝቅተኛ ብርሃን 9 ሰዓት፣ በከፍተኛ 4 ሰዓት ይበራል።
ክብደቱ 380 ግራም ነው። አንገቱ ስለሚታጠፍ ብርሃኑ ገጹ ላይ ብቻ ያርፋል። በዩኤስቢ-ሲ ይሞላል። ለመጀመሪያው ዙር ያለን 120 ብቻ ነው። ማዘዣው ሊንክ ፕሮፋይላችን ላይ አለ።»
ኢንስታግራም «ተጨማሪ» ብሎ ከመቁረጡ በፊት የሚያሳየው 125 ፊደል ገደማ ነው፤ ስሙና ጥቅሙ መጀመሪያ የገቡት ለዚህ ነው፣ ቦታ አታለዋውጡ። ካፕሽን ውስጥ የተጻፈ ሊንክም እዚያ አይከፈትም። ቴሌግራም ላይ ይከፈታል፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጥታችሁ ሊንኩን ራሱን አስገቡ። ከመለጠፉ በፊት ሊንኩን ከሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት፤ በራሳችን አካውንት ስንገባ ያልወጣ ገጽም ይከፈትልናል።

ዓርብ፦ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ፣ ድምፅ ሳይከፈትም የሚገባ።
«አንዴ ሲነኩት ይበራል፣ ሲደግሙት ይደምቃል፣ ጣት ሲያቆዩበት ይጠፋል።»

ቅዳሜ፦
«የጠየቃችሁን፦ እየተሞላ ይበራል? አዎ፣ ግን መሙላቱ ከተለመደው 3 ሰዓት በላይ ይቆያል። ዝናብ ይችላል? አይችልም። ቻርጀር አለው? ገመዱ ብቻ አብሮት ይመጣል፣ የስልካችሁን ቻርጀር ተጠቀሙ።»
የቻርጀሩን መልስ ለማሳመር አትሞክሩ፤ ዛሬ ካልተናገርነው ካርቶኑ ሲከፈት ቅሬታ ሆኖ ይመለሳል። ሐሙስና ዓርብ የተደጋገመ ሌላ ጥያቄ ካለ የዝናቡን አውጥታችሁ እሱን ተኩ።

እሑድ ሁለት ጽሑፍ አለ፤ 18፡30 ላይ ክምችቱን አይታችሁ አንዱን ምረጡ።
ካለ፦ «ከመጀመሪያው ዙር ጥቂት ቀርቷል። ያዘዛችሁ፣ የት እንዳስቀመጣችሁት ፎቶ ላኩልን፤ ፈቃዳችሁን ጠይቀን እንለጥፋለን።»
ካለቀ፦ «120ውም አልቋል፣ እናመሰግናለን። ለሁለተኛው ዙር ስማችሁን በፕሮፋይላችን ሊንክ አስመዝግቡ።»
ካለቀ የሐሙሱንም ካፕሽን ኤዲት አድርጉ። ዘግይቶ የሚያየው ሰው የሚያገኘው እሱን ነው።