አስቸኳይ፦ ለኮምፕሬሰር ግዥ ከመደበኛው የክፍያ ቀን ውጭ ክፍያ እንዲፈቀድ

ሰላም አቶ ግርማ፣

የወተት ማቀዝቀዣ ክፍሉ ኮምፕሬሰር ትናንት ማታ ተቃጥሏል። አሁን የያዘን አሮጌው መጠባበቂያ ብቻ ነው። እሱም መብራት ሄዶ ከመጣ እንደገና መነሳቱን እንጃ።

አዲሱ በአቅራቢው መጋዘን አለ። ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 186,300 ብር ነው፤ ከሰበሰብናቸው ሦስት ፕሮፎርማዎች ዝቅተኛው ይሄ ነው። ግን በዱቤ አልሰጥም ብሏል። መደበኛው ክፍያ የሚወጣው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ ወተቱ እስከዚያ አይቆይም።

ስለዚህ ዊዝሆልዲንግ ተቀንሶ፣ ገንዘቡ ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት በባንክ እንዲተላለፍ ይፍቀዱልን። ፋይናንስ ሰነዱን አይቶ ጨርሷል፤ የቀረው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው። ፕሮፎርማዎቹንና የቴክኒክ ክፍሉን ሪፖርት አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ሰላማዊት
ግዥ ክፍል