የወላጅ ዓመታዊ አስተያየት፦ ስለ 5ኛ "ለ" የሒሳብ መምህርት

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ቅጹን ሞልቻለሁ፤ ከ1 እስከ 5 ያሉት ሳጥኖች ላይም ምልክት አድርጌያለሁ። ግን ቁጥሩ ብቻውን ሐሳቤን ስለማይገልጽልኝ ይህችን ወረቀት አያይዣለሁ። ባጭሩ፣ መምህርቷ ሒሳብ ማስተማር ያውቁበታል። ከተቻለ ልጆቹን ይዘው ወደ 6ኛ ክፍል ቢያልፉ እወዳለሁ። አንድ ነገር ግን እንዲተዉልን እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ አስተራረማቸው። ልጄ ከዚህ በፊት ስትሳሳት ደብተሯ ላይ የምታገኘው ቀይ ኤክስ ብቻ ነበር። የት ጋ እንደተሳሳተች አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። እኚህ መምህርት ስህተቱ የገባበትን መስመር ያከብቡና አጠገቡ ጥያቄ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ልጄ 1/2 እና 1/3 ስትደምር ላዩን ከላዩ፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራ 2/5 ብላ መጣች። መምህርቷ መልሱን አልነገሯትም። "ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ሲጨመርበት ከግማሽ ያንሳል?" ብለው ጻፉላት። ልጅቷ ማታ እንጀራ አጥፋ ስትቆርስ ቆየችና ራሷ "2/5 እኮ ከግማሽ ያነሰ ነው!" አለች። ከዚያ ወደ ስድስተኛ ቀይራ 5/6 አገኘች። እኔ ያለሁበት ሥራ ቁጭ ብሎ ለማስጠናት ጊዜ አይሰጥም። እንዲህ ያለ እርማት ታዲያ ግማሹን የቤት ሥራ ያግዘኛል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቅዳሜ ሱቅ ትመጣለች። በአንድ ሱሪ አንድ ሜትር ከሩብ እያልኩ የሦስት ሱሪ ጨርቅ ሳሰላ፣ ሜትሩን ሳልዘረጋ "ሦስት ሜትር ከሦስት ሩብ" አለችኝ። እስከ አምና ድረስ ሒሳብ ሲባል ሆዷን የሚያማት ልጅ ነበረች። ሌላ ማስረጃ የለኝም፤ ለእኔ ግን ይበቃኛል።

አሁን እንዲተዉ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። የፈተና ወረቀት ሲመለስ ውጤቱ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው በክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበባል። በሁለተኛው ሴሚስተር ቴስት ልጄ ከ20 ዘጠኝ አገኘች። ስሟ የተጠራው መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከኋላ የሳቁ ልጆችም ነበሩ። በማግስቱ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። ራሷን እንዳላመማት እኔም እናቷም አውቀናል። መምህርቷ ይህን የሚያደርጉት ለክፋት አይመስለኝም። ልጆቹ እልህ እንዲይዛቸው አስበው ይሆናል፤ እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው። ግን እልህ የሚይዘው ከፊት ያለውን ልጅ ነው። ከኋላ ያለው አንገቱን ነው የሚደፋው። ደረጃ ደግሞ ለወላጅ በካርድ ይደርሳል። ወረቀቱ ታጥፎ በእጅ ቢሰጥ ምንም አይጎድልም። ይህን ለራሳቸው በትሕትና ነግሬያቸው "አስብበታለሁ" ብለውኛል። ቅር ያላቸው አልመሰለኝም። እዚህ የምጽፈው ሌሎች መምህራንም ይህንኑ ስለሚያደርጉ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ወጥ አሠራር እንዲያወጣ ብዬ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። "ነገ ኮምፓስና ፕሮትራክተር ይዘው ይምጡ" የሚል መልእክት በቴሌግራም ግሩፕ የሚመጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ከሁለት ቀን በፊት ቢነገረን ሁላችንም እናሟላለን።

ቅጹ ላይ "የመማሪያ ክፍሉ ምቹነት" የሚለውን 2 ሰጥቻለሁ። እባካችሁ ይህ ከመምህርቷ ነጥብ ላይ እንዳይቀነስ። የተሰበረውን የመስኮት መስታወት እሳቸው አልሰበሩትም። በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማችን ውርጭ ምን እንደሚመስል እናንተም ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ ጓንት አድርገው ነው የጻፉት። መምህርቷ ካርቶን ወጥረውበት ነበር፤ ነፋሱ ገነጠለው። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተነስቶ "ይታያል" ተብሎ ነበር፤ እስካሁን ግን አልታየም። ገንዘብ ከሆነ የጎደለው ንገሩን፤ የክፍሉ ወላጆች ተነጋግረን ለማዋጣት ተስማምተናል። አናጺም ከመካከላችን አለ። ክረምቱ ሳያልቅ ልኬቱን ብቻ እንዲወስድ ቁልፍ ይከፈትለት።

ከአክብሮት ጋር
የ5ኛ "ለ" ተማሪ አባት