ጉዳዩ፦ ከማመልከቻ ማብቂያ ቀን በኋላ የደረሰ የድኅረ ምረቃ ማመልከቻን ይመለከታል

ቁጥር፦ ሬጅ/ቅበላ/214/2018
ቀን፦ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጅማ

ለአመልካች ቁጥር 0387
ሊሙ ገነት

ክብርት ሲስተር፣

በማኅበረሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ለመማር ያቀረቡት ማመልከቻ ማክሰኞ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በእጃችን ገብቷል። የማመልከቻው ጊዜ የተጠናቀቀው ግን ዓርብ መስከረም 9 ቀን ከቀኑ 11፡30 ላይ ነበር። በዚህ ምክንያት ማመልከቻዎን ለዚህ ዙር መቀበል አለመቻላችንን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ከማመልከቻው ጋር አያይዘው የላኩትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የሥራ ባልደረባዎ በወሊድ ፈቃድ ላይ በመሆኗ የጤና ጣቢያውን የማዋለጃ ክፍል ሌሊትም ቀንም ብቻዎን ሲሸፍኑ መክረምዎን፣ የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤውን የሚፈርሙት ኃላፊም ለመስክ ሥራ ወጥተው እስኪመለሱ ሳምንት መጠበቅዎን ተረድቻለሁ። ምጥ የያዛትን እናት ትቶ ፊርማ ፍለጋ የሚሄድ አዋላጅ እንዲኖር ማንም አይመኝም። ስለዚህ የዘገዩት በቸልተኝነት ነው የሚል ሐሳብ በዚህ ቢሮ ውስጥ እንደሌለ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ሆኖም የቀኑን ገደብ ያከበርነው ለሌሎችም ስለሆነ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት አመልካቾች ሰነዳቸውን ይዘው በመስኮታችን ፊት ቆመው ነበር። አንደኛዋ ከኦሞ ናዳ ጨቅላ ልጇን አዝላ የመጣች መምህርት ነበረች። ጊዜው አልፏል ብዬ የመለስኳት እኔ ራሴ ነኝ። ከእርሷ በኋላ የደረሰውን የእርስዎን ማመልከቻ ብቀበል ለእርሷ የምሰጠው መልስ አይኖረኝም። በተጨማሪም ለመግቢያ ፈተና የሚቀርቡት አመልካቾች ስም ዝርዝር በዚያው ሰኞ በቃለ ጉባኤ ለትምህርት ክፍሉ ተላልፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል። ፈተናው ማክሰኞ መስከረም 20 ቀን ይሰጣል። ዝርዝሩን ከፍቶ ስም የመጨመር ሥልጣን የእኔ ቢሮ የለውም።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕትዎ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ተልኮ መስከረም 5 ቀን፣ ማለትም በጊዜው፣ ደርሶናል። ይህ በደብዳቤዎ ላይ ያነሡት ነጥብ ትክክል ነው። ነገር ግን የማመልከቻ ቅጹ፣ የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤውና የክፍያው ደረሰኝ አብረውት ካልቀረቡ ትራንስክሪፕት ለብቻው እንደ ማመልከቻ አይቆጠርም። ይህን ያህል ቀድመው ማስላክዎን ስመለከት ግን መልሱን መጻፉ ይበልጥ ከብዶኛል።

የማኅደርዎን ይዘት በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን አልፈዋል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዎም የተሟላ ነው። ከቀኑ በስተቀር የጎደለ ነገር አላገኘሁበትም። ይህ ውሳኔ ስለ ብቃትዎ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

የቅዳሜና እሑዱ መርሐ ግብር ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመትም አመልካቾችን ይቀበላል። ማመልከቻው ሰኞ ጥር 4 ቀን ተከፍቶ ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11፡30 ላይ ይዘጋል። ትራንስክሪፕትዎ ማኅተሙ ሳይከፈት በመዝገብ ቤታችን ስለሚቆይ እንደገና ማስላክ አያስፈልግዎትም። አዲስ የሚያስፈልገው የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤው ነው፤ አሁን የያዙት ለዚህ ዙር ብቻ ተብሎ የተጻፈ ነውና። እባክዎ ፊርማውን ከኅዳር ጀምሮ ይጠይቁ። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር የገናና የጥምቀት በዓላት ስለሚከታተሉ ፈራሚዎችን በቢሮአቸው ማግኘት ያስቸግራል።

መስከረም 12 ቀን በባንክ ያስገቡት 300 ብር ተመላሽ ይደረግልዎታል። የባንኩን ደረሰኝ ዋናውን ቅጂና መታወቂያዎን ይዘው ወደ ፋይናንስ ክፍል ይምጡ። ራስዎ መምጣት ካልቻሉ ሕጋዊ ውክልና ያለው ሰው ሊቀበልልዎት ይችላል። ከፈለጉም ብሩ ለጥር ወር ዙር ክፍያ እንዲያዝልዎት በአንዲት አጭር ማመልከቻ ማሳወቅ ይበቃል። ለአንድ ደረሰኝ ብለው ከሊሙ ገነት ድረስ ባይመላለሱ ይሻላል ብዬ ስላሰብኩ ይህንን ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር አስቀድሜ ተነጋግሬበታለሁ።

ለመምጣት ከወሰኑ ቢሮአችን ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ክፍት ነው። ዓርብ ከሆነ የጁምዓ ሰላት ስላለ ከ5፡30 በፊት ወይም ከ7፡30 በኋላ ይድረሱ። ማኅደርዎ በእኔ ጠረጴዛ ስለሚገኝ የአመልካች ቁጥርዎን መንገር ብቻ ይበቃል።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣

የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ
የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦
ለማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል
ለፋይናንስ ክፍል