በሥዕል የአማርኛ መልመጃ፦ ቡና፣ ታክሲና እንጀራ

የቅዳሜ የአማርኛ ክፍል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሁለተኛ ደረጃ (ዕድሜ ከ10 እስከ 13)
ጊዜ፦ 45 ደቂቃ፤ ጠቅላላ ነጥብ፦ 50

ልጆች፣ ሦስቱን ሥዕሎች መጀመሪያ ሳትጽፉ ደህና አድርጋችሁ ተመልከቱ። መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የዕቃው ስም ካልመጣላችሁ አትዝለሉት፤ ምን እንደሚሠራበት በአማርኛ ጻፉ፦ «እህል የሚነፋበት ነገር» እንደማለት። ለዚህም ግማሽ ነጥብ አለው። የፊደል ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልስ ግን አይታረምም።

ሥዕል 1፦ ቡና

ሀ. ከ1 እስከ 8 ቁጥር የተደረገባቸውን ነገሮች ስም ጻፉ። (8 ነጥብ)

ለ. በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ። (10 ነጥብ)
1. ሴትየዋ ምን ላይ ተቀምጣለች?
2. ምን ለብሳለች? ራሷ ላይስ ምን አስራለች?
3. አሁን ምን እያደረገች ነው?
4. በ2 ቁጥር ዕቃ ላይ ስንት ሲኒ አለ?
5. በ1 ቁጥር የተመለከተው ዕቃ የት ነው ያለው?

ሐ. ቡና ሲጠጣ ብዙ ሰው የሚፈልገው፣ እዚህ ሥዕል ላይ ግን የሌለ ነገር ምንድን ነው? (2 ነጥብ)

ሥዕል 2፦ ታክሲ ተራ

ሀ. ስለ ረዳቱ፣ ስለ ተማሪዋ፣ ስለ ሽማግሌውና ስለ አሮጊቷ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ምን እንደለበሱ፣ ምን እንዳደረጉ ወይም ምን እንደያዙ ግለጹ። ከነዚህ ግሦች የሚስማማውን ምረጡና ለሰውየው ወይም ለሴትየዋ እንዲሆን አስተካክሉት፦ ለበሰ፣ አደረገ፣ ተጫማ፣ ተከናነበ፣ ያዘ፣ አነገተ። (8 ነጥብ)

ለ. እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከሥዕሉ ጋር አይስማሙም። አስተካክላችሁ ጻፏቸው። (6 ነጥብ)
1. ረዳቱ ታክሲው ውስጥ ተኝቷል።
2. ሊስትሮው ጫማ እየሸጠ ነው።
3. ሽማግሌው ከታክሲው ኋላ ቆመዋል።

ሐ. አሮጊቷ ረዳቱን አንድ ነገር ይጠይቁታል፤ እሱም ይመልስላቸዋል። ሁለቱ የሚሉትን ጻፉ። (4 ነጥብ)

ሥዕል 3፦ እንጀራ ሲጋገር

አራቱ ሥዕሎች (ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ) ቅደም ተከተላቸው ተዛብቷል።

ሀ. በትክክለኛው ተራ አስቀምጧቸው። (4 ነጥብ)

ለ. ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «መጀመሪያ»፣ «ከዚያ»፣ «ቀጥሎ» እና «በመጨረሻ» በሚሉት ቃላት ጀምሩ። (8 ነጥብ)

---

የመምህሩ ገጽ (ለተማሪ አይሰጥም)

*ሥዕል 1።* ሴትየዋ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ቡና እየቆላች ነው። ቁጥሮቹ፦ 1 ጀበና፣ 2 ረከቦት፣ 3 የከሰል ምድጃ፣ 4 ብረት ምጣድ፣ 5 ሙቀጫ፣ 6 ዘነዘና፣ 7 የዕጣን ማጤሻ፣ 8 ቄጤማ። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ አለ። ጀበናው ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ፣ በማቶት ተቀምጧል። ለ«ሐ» የሚጠበቀው መልስ «ስኳር የለም» ነው፤ ጨው ወይም ቅቤ ብሎ የመጣ ልጅ ካለ ቤቱ እንደዚያ ይጠጣ ይሆናልና ሙሉ ነጥብ ይሰጠው።

ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ሆኖ ከተሣለ ልጆቹ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥረው አንዱን ስም ብቻ ይጽፋሉ። ስለዚህ ከሙቀጫው ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይሣል። ከቁጥሩ ወደ ዕቃው የሚሄደው መስመርም ሌላ ዕቃ እንዳይነካ፤ በተለይ ብረት ምጣዱ ምድጃው ላይ ስለተጣደ 3 እና 4 ይምታታሉ። በጥያቄዎቹ ውስጥ ቁጥር የወጣላቸውን ዕቃዎች በስም ያልጠራነው ከጥያቄ ላይ እንዳይገለብጡ ብለን ነው።

በዚህ ክፍል ከሁሉ የሚበዛው ስህተት «እየተቀመጠች ነው» የሚል መልስ ነው። ልጆቹ በእንግሊዝኛ የለመዱትን ይዘው ስለሚመጡ ለሁሉም «እየ» ያስገባሉ። «እየተቀመጠች ነው» ያልናት ሴት ግን ገና ዝቅ እያለች ናት፤ በርጩማው ላይ ያለችው «ተቀምጣለች»። መልበስ፣ መቆም፣ መያዝና መተኛትም እንደዚሁ ናቸው፦ ለብሳለች፣ ቆሟል፣ ይዛለች፣ ተኝቷል። መቁላት ግን ገና ያላለቀ ሥራ ስለሆነ «እየቆላች ነው» ትክክል ነው። ሕጉን ከመዘርዘር ይልቅ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ አድርጉ። ወገቡ ዝቅ ሲል ክፍሉ በሙሉ «እየተቀመጠ ነው» ይበል፣ ወንበሩን ሲነካ «ተቀምጧል»። ኮት በማልበስም ድገሙት። ይህ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሌላ ነገር ተቆርጦም ቢሆን መደረግ አለበት።

«ስድስት ሲኒ አለ» እና «ስድስት ሲኒዎች አሉ» ሁለቱም ልክ ናቸው። «ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ነው» ግን ግማሽ ነጥብ ብቻ ያሰጣል። «ቡና እየቆላች ነው» እና «ቡናውን እየቆላች ነው» ይያዛሉ፤ «ቡናው እየቆላች ነው» ካሉ ቆይው ቡናው ራሱ ሆነ ማለት ነውና «ን» የት እንደቀረች አሳዩ።

*ሥዕል 2።* ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ብር ይዟል፤ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። ተማሪዋ ዩኒፎርም ለብሳ ቦርሳ አንግታለች። ሽማግሌው ኮፍያና መነጽር አድርገው፣ ከዘራ ይዘው ከታክሲው ፊት ቆመዋል። አሮጊቷ ነጠላ ተከናንበዋል፤ ዶሮም ይዘዋል። ሊስትሮው ጫማ እየጠረገ ነው። ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ስለሚታተም ስለ ቀለም ምንም አልጠየቅንም።

ለሁሉም ነገር «ለበሰ» ማለት የተለመደ ነው። «መነጽር ለብሷል» ያለ ልጅ ግማሽ ነጥብ ያገኛል፤ መነጽር፣ ኮፍያና ሰዓት ይደረጋሉ፣ ጫማ ይጫሙታል ወይም ያደርጉታል፣ ቦርሳ ይነገታል።

ሽማግሌውንና አሮጊቷን «ይዟል»፣ «ይዛለች» ያለ ልጅ አንድ ነጥብ ይቀነስበት፤ «ይዘዋል» መባል አለበት። ቤት ውስጥ ወላጆቻቸው አንተና አንቺ እያሉ ስለሚያዟቸው አንቱታን ሲናገሩት የሚሰሙት አያት በስልክ ሲገኙ ነው፤ ስለዚህ አፋቸው ላይ አይመጣም። በ«ሐ» ላይም ይህንኑ ፈልጉ። ጥሩ መልስ፦ «የኔ ልጅ፣ ሜክሲኮ ስንት ነው?» «አስር ብር ነው፤ ይግቡ እማማ።» የገንዘቡ መጠን አይታረም። ረዳቱ «ግቢ» ካላቸው ግን ከልጁ ጋር ቆም ብላችሁ ተነጋገሩበት።

*ሥዕል 3።* ትክክለኛው ተራ ሐ፣ ሀ፣ መ፣ ለ ነው። ናሙና፦
መጀመሪያ ምጣዱን በማሰሻ ታስሳለች።
ከዚያ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞረች ታፈሳለች።
ቀጥሎ ዓይን ሲያወጣ በአክንባሎ ትከድነዋለች።
በመጨረሻ እንጀራውን በሰፌድ ታወጣለች።

ሀ እና መ እንዳይምታቱ በመ ላይ የእንጀራው ዓይኖች ጎልተው ይሣሉ። እዚህ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ ያዩት የኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሆነ «አክንባሎ» በማለት ፈንታ «ክዳን» ይላሉ፤ ሙሉ ነጥብ ስጡ፤ ስሙን ግን ሰሌዳው ላይ ጻፉላቸው። ፈጥኖ የጨረሰ ተማሪ አራቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያያይዛቸው፦ «ምጣዱን አስሳ፣ ሊጡን አፍስሳ፣ በአክንባሎ ከድና፣ በሰፌድ ታወጣዋለች።» ለዚህ ተጨማሪ ሁለት ነጥብ አለ።

ሁለት ነጥብ ባለው ዓረፍተ ነገር ሁሉ አንዱ ነጥብ ሥዕሉ ላይ ያለውን በትክክል ለመግለጹ፣ ሌላው ግሡ ከባለቤቱ ጋር በፆታ፣ በቁጥርና በአክብሮት ለመስማማቱ ይሰጣል።